ጠረጴዛው ጨርቁን ቀዶ እንዳይወጣ

ሐዋሳ ላይ በሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው፣ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ውስጡን በምስል ልየው ብሏል እንበል። ዲዛይነሩ ጠረጴዛውንና ወንበሩን በብሌንደር ፕሮግራም ቶሎ ይሠራቸዋል። የሚያደክመው የጠረጴዛው ልብስ ነው። እጥፋቱን በእጅ እቀርጻለሁ ቢል ቀኑ ይመሻል፣ ጨርቁም ካርቶን መስሎ ይቀራል። ያለው አማራጭ ጨርቁን ከላይ ለቆት ራሱ ወድቆ፣ ራሱ ተጣጥፎ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ለኮምፒውተሩ ጨርቁ በሞላ የተያያዙ ነጥቦች መረብ ነው። አንዱ ሞላ መለጠጥን ይቋቋማል፣ ሌላው መንጋደድን፣ ሦስተኛው መታጠፍን። ሐር ለስልሶ የሚወርደውና ጂንስ ደርቆ የሚቆመው በዋናነት በዚህ በሦስተኛው ልዩነት ነው። ጠንካራ ሞላ ግን ሒሳቡን ያስቸግራል፤ የጊዜው እርምጃ ትንሽ ረዘም ካለ ነጥቦቹ እየተወራጩ ይበተናሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ባራፍና አንድሩ ዊትኪን ባሳተሙት ጥናት፣ የሞላዎቹን ኃይል አሁን ካሉበት ሳይሆን በእርምጃው መጨረሻ ከሚደርሱበት ቦታ በማስላት ረጃጅም እርምጃዎችን ያለ ብተና መራመድ እንደሚቻል አሳዩ። በብሌንደርም ጨርቅን ማስላት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

ሸሚዝ ለዚህ ስሌት ብዙም አያስቸግርም፤ የሰው ትከሻ ክብ ነውና። ጠረጴዛ ግን አራት ስለታም ማዕዘን አለው፤ ገበታውም ስስ ነው።

የሬስቶራንቱ ጠረጴዛ 120 በ80 ሴንቲ ሜትር፣ የገበታው ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ልብሱ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲወርድ 180 በ140 ይሆናል። ዲዛይነሩ ጨርቁን ከገበታው 1 ሜትር ከፍ አድርጎ ቢለቀው፣ ሲደርስ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል እየበረረ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቆጠር በአንድ ፍሬም 18 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። Quality Steps የሚባለው ቁጥር ሲጀመር 5 ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ 3.7 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ከገበታው ውፍረት ይበልጣል! አንድ ነጥብ በዚህ እርምጃ ላይ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ታች ሊሆን ይችላል፤ መካከል ላይ ያለውን እንጨት ሳያየው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቁጥሩን ወደ 20 እና 30 እየገፋ ኮምፒውተሩን ያደክማል። ቀላሉ መድኃኒት ጨርቁን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ያኔ እርምጃው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ ማዕዘኑ ነው። ነጥቦቹ በ10 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ ጨርቁ በማዕዘኑ ላይ መታጠፊያ ያጣል። ምስሉን ለማለስለስ Subdivision Surface ሲጨመር ደግሞ የለሰለሰው ገጽ ከመረቡ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ የእንጨቱም ጫፍ ብቅ ይላል። ነጥቦቹ በ2 ሴንቲ ሜትር ቢቀራረቡ 6,461 ይሆናሉ፤ ይህ ለተራ ላፕቶፕ ብዙ ሸክም አይደለም። የጠረጴዛውን ጠርዝም በጥቂቱ ማክበብ ይጠቅማል። አናጢውም ቢሆን ስለታም ጠርዝ አይተውም።

ሦስተኛው ተቃራኒ ችግር ነው፤ ጨርቁ ሳይነካ መንሳፈፍ። ፕሮግራሙ መጋጨትን ለመከላከል በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ክፍተት ይተዋል። ሲጀመር በጨርቁ በኩል Distance 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ በጠረጴዛው በኩል Thickness Outer 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጎን ሲታይ በገበታውና በጨርቁ መካከል ብርሃን ያልፋል። ሁለቱን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ማውረድ ያሳርፈዋል። በጣም ካሳነሱት ግን ያው መብሳቱ ይመለሳል፤ ክፍተቱ ሲጠብ እርምጃውም አብሮ ማጠር አለበት።

የጠረጴዛው ልብስ ሸማ ከሆነ Cotton የተባለው ዝግጁ ልክ ጥሩ መነሻ ነው። ዳርቻው ላይ ጥለት ካለ ግን ጠርዙ ከመሃሉ ይወፍራል፣ ለመታጠፍም ይከብዳል፤ የጠርዙን ነጥቦች ለይቶ የመታጠፍ ጥንካሬያቸውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሲዘለል ጥለቱ እንደ ሐር ይወርዳል፣ ሸማ የለበሰ ሰው ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል።

ጨርቁ ማረፉ የሚታወቀው ሁለት ራቅ ያሉ ፍሬሞችን፣ ለምሳሌ 120ኛውንና 150ኛውን፣ እያፈራረቁ በማየት ነው። እጥፋቱ ከተንቀሳቀሰ ገና ነው። ማዕዘኑ ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን መጠበቅ አይፈታውም፤ ጨርቁ ከጠረጴዛው ጋር እየተጋፋ ነውና ወደ ክፍተቱና ወደ እርምጃው መመለስ ያስፈልጋል። ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉን አስቀምጦ Disk Cache ላይ ምልክት ማድረግም አይረሳ፤ መብራት ቢጠፋ እስከዚያ የተሰላው ፍሬም ዲስኩ ላይ ይቆያል።