የእንጨቱ ፑሊ ለምን ይበልጣል?

የወፍጮ ቤት ፑሊ ሲሰበር ባለቤቱ ስብርባሪውን ገጣጥሞ ብረት ማቅለጫ ይወስድና «ይህንኑ አስመስላችሁ አውጡልኝ» ይላል። አሮጌው ፑሊ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይነሳል፤ በተወው ጎድጓዳ ቦታ የቀለጠ ጊዛ ይፈስበታል። የሚወጣው ግን ያው ፑሊ አይደለም። ጊዛ ከረጋ በኋላ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ 250 ሚሊሜትር የነበረው ስፋት 247.5 ይሆናል። ሻካራውን ለማስተካከል ቶርኖ ላይ ከየጎኑ 3 ሚሊሜትር ሲላጥለት ደግሞ 241.5 ይቀራል። ይህን ወፍጮው ላይ ቢገጥሙት ሞተሩ ሳይለወጥ ወፍጮው ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ፈጥኖ ይሽከረከራል።

ሞዴል ሠሪው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ያለቀው ፑሊ 250 እንዲሆን ለቶርኖ የሚላጠውን 6 ይጨምርና 256 ይላል። ይህ ቀዝቅዞ ከአሸዋ የሚወጣው ጊዛ ልክ ነው። 256ን በ1.01 ሲያበዛ 258.6 ያገኛል፤ እንጨቱን የሚጠርበው በዚህ ልክ ነው። ብረቱ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ለአሉሚኒየም ከመቶ 1.3 ተይዞ 259.3፣ ለስቲል ከመቶ 2 ተይዞ 261.1 ይሆናል። ለጊዛ የተሠራ ሞዴል ላይ ስቲል ያፈሰሰ ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ቶርኖው የሚላጥ ብረት ሲያጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳው ላይ ነው። ብረት ሲኮማተር ቀዳዳው የሚሰፋ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ቀዳዳውም አብሮ ይጠባል። ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ ሲያልቅ 40 እንዲሆን ከተፈለገ ቶርኖው ስለሚያሰፋው 6 ይቀነስና 34 ይወሰዳል፤ ለመኮማተሩ ግን እዚህም ይጨመራል። ቀዳዳውን የሚይዘው የአሸዋ እንብርት 34.3 ሆኖ ይሠራል።

ከመቶ አንድ የሚባለው ብረቱ ያለ ከልካይ ሲኮማተር ነው። ፑሊው ክንዶች ካሉት ግን በክንዶቹ መካከል የታጨቀው አሸዋ ጠርዙን ወደ ውስጥ እንዳይሰበሰብ ይገታዋል። ስለዚህ ብዙ ፍሬ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ አንድ ያፈስሳል፤ በደንብ ሲቀዘቅዝ ሞዴሉንና ጊዛውን በአንድ ቦታ ላይ በካሊፐር ይለካል። ሞዴሉ 258.6 ሆኖ ጊዛው 256.6 ከወጣ፣ የተኮማተረው 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከመቶ 0.77 ማለት ነው። ያን ጊዜ ሞዴሉ ወደ 258.0 ዝቅ ይላል።

አንዳንድ ሞዴል ሠሪዎች ሒሳቡን በየጊዜው ላለመሥራት መኮማተሩ የታሰበበት ማስመሪያ ይጠቀማሉ። ለጊዛ በተሠራው ላይ 1000 የሚለው ምልክት በእውነተኛው መለኪያ 1010 ሚሊሜትር ላይ ነው። ይህ ማስመሪያ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከሌላው ጋር ከተደባለቀ የሚያመጣውን ጣጣ አስቡት። ስለዚህ ለየትኛው ብረት እንደሆነ ጀርባው ላይ ይጻፍበታል።