የቺምፓንዚዎች መቃመል፦ ከንጽሕና ባሻገር

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ዙሪያ ያደገ አንባቢ ጦጣዎች ወይም ዝንጀሮዎች ፀሐይ እየሞቁ ሲቃመሉ ሳያይ አይቀርም። «መቃመል» የሚለው ቃል ከቅማል የወጣ በመሆኑ የድርጊቱ ምክንያት ከስሙ ጋር አብሮ የተነገረን ይመስለናል። በአገራችን ደኖች በማይገኘው በቺምፓንዚ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህ ምክንያት ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያሉ።

ቺምፓንዚ የጓደኛውን ፀጉር በጣቱ እየገለጠ መዥገርና የደረቀ ቆዳ ይለቅማል፤ ጥቅሙም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ዓላማው ንጽሕና ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም እጅ ይበቃ ነበር፤ ሥራውም ቆዳው ሲጠራ ያበቃ ነበር። ቺምፓንዚዎች ግን አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጣሉ፤ ከማን ጋር እንደሚቀመጡም ይመርጣሉ። ምርጫው በተለይ ለወንዶቹ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ወደ ሌላ መንጋ ሲሄዱ፣ ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይኖራሉ። ስለዚህ ለበላይነት የሚፎካከሩት፣ በጠብም ጊዜ አጋር የሚሹት ከእነዚያው ባልንጀሮቻቸው መካከል ነው።

ካትሪን ክሮክፎርድ፣ ሮማን ዊቲግና ባልደረቦቻቸው በኡጋንዳ የቡዶንጎ ደን ያካሄዱትንና እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙትን ጥናት እንመልከት። ተመራማሪዎቹ አንድን ቺምፓንዚ ይከተላሉ፤ ከማን ጋር እንደተቃመለ ይመዘግባሉ፤ ከዚያም እስኪሸና ጠብቀው ሽንቱን ይሰበስባሉ። በሽንቱ ውስጥ የሚለኩት ኦክሲቶሲንን ነው፤ ይህም እናትን ከምታጠባው ልጅዋ ጋር በማስተሳሰር የሚታወቅ ሆርሞን ነው። መጠኑ ከፍ ብሎ የተገኘው ከወዳጅ ጋር ከተቃመሉ በኋላ ነበር። ወዳጅ ካልሆነ ጋር ሲቃመሉ ወይም ጭራሹን ሳይቃመሉ ሲቀሩ ግን ያን ያህል አልነበረም። መነካካት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ባልታየ ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ወዳጁ የሥጋ ዘመድ ሆነም አልሆነ ውጤቱ አለመለወጡ ነው። በእናትና በልጅ መካከል የሚሠራው ሥርዓት ዝምድና ለሌላቸው ወዳጆችም ያገለግላል ማለት ይመስላል።

የጥናቱ ወሰን መታወቅ አለበት። የሽንት ልኬት በአንጎል ውስጥ የሆነውን በቀጥታ አያሳይም። ሆርሞኑ ወዳጅነትን ይፈጥራል ወይስ ወዳጅነት ሆርሞኑን ያስነሣል የሚለውንም ለይቶ አይፈታም። ያም ሆኖ የወዳጅነቱ ፋይዳ በሌላ መንገድ ታይቷል፤ እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ፣ ወዳጁ አጠገቡ ያለ ቺምፓንዚ የጭንቀት ሆርሞኑ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ከጎረቤት መንጋ ጋር በሚደረግ ፍጥጫም ጊዜ ቢሆን።

መቃመል የሚያስከፍለው ጊዜን ነው፤ የሚቃመል እንስሳ በዚያው ቅጽበት አይመገብም። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሰሜን ተራሮች ያጠናቸው ጭላዳ ዝንጀሮዎች የቀኑን ሰፊ ክፍል ሣር በመልቀም ስለሚያሳልፉ፣ ሴቶቹ የተረፈቻቸውን ጊዜ በአብዛኛው ለጥቂት የቅርብ ዘመዶቻቸው ይሰጣሉ። በአካባቢያችን ዝንጀሮዎች ላይ ተመሳሳይ ምልከታ ለማድረግ የሚያስብ ተማሪም በቅድሚያ መመዝገብ ያለበት ከፀጉሩ የተለቀመውን ሳይሆን ማን ከማን ጋር ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠ ነው።