ሃምሳኛው ካርቶን

በጅምላ ንግድ አንድ ዕቃ አንድ ዋጋ ብቻ አይኖረውም። ያው የሳሙና ካርቶን ለአዲስ ገዢ በአንድ ዋጋ፣ ለነባር ደንበኛ በሌላ፣ ሃምሳ ካርቶን ለሚያነሳ ደግሞ በሦስተኛ ይሸጣል። ነጋዴው ራሱ መደብሩ ውስጥ ቆሞ ሲሸጥ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ትዕዛዝ የሚቀበለው ኮምፒውተር ሲሆን ግን የትኛው ዋጋ ለማንና መቼ እንደሚሠራ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። የሚጻፈውም በሁለት መንገድ ነው፤ ለተወሰነ ደንበኛ በተለየ የዋጋ ዝርዝር፣ ወይም የሚገዛው መጠን ሲጨምር ዋጋው በሚቀንስበት የመጠን እርከን።

እርከኑ ቀላል ይመስላል። የአንድ ሳሙና ካርቶን ዋጋ ከ1 እስከ 19 ካርቶን 1,200 ብር፣ ከ20 እስከ 49 ካርቶን 1,150 ብር፣ ከ50 ጀምሮ 1,080 ብር ነው እንበል። ሃምሳ ካርቶን ያዘዘ ሰው ስንት ይከፍላል? መልሱ ሁለት ነው። ቅናሹ ሁሉንም ካርቶን የሚነካ ከሆነ ሃምሳውም በ1,080 ተባዝቶ 54,000 ብር ይመጣል። ቅናሹ በየእርከኑ ላሉት ካርቶኖች ብቻ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹ 19 በ1,200፣ ቀጣዮቹ 30 በ1,150፣ የመጨረሻው አንዱ በ1,080 ይታሰብና ድምሩ 58,380 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 4,380 ብር ነው። ሻጩ አንዱን አስቦ ሲስተሙ ሌላውን ቢያሰላ ደረሰኙ ላይ የስሌት ስህተት አይታይም፤ ጠቡ የሚነሳው ሒሳቡ ሲወራረድ ነው።

በጅምላ የተለመደው የመጀመሪያው ስሌት ነው፤ ለገዢው በቀላሉ ይገባዋልና። ግን የራሱ ጉድ አለው። 49 ካርቶን በ1,150 ሲታሰብ 56,350 ብር ያወጣል፤ 50 ካርቶን ግን 54,000 ብር ብቻ ነው። 47፣ 48 ወይም 49 ካርቶን የሚያዝ ሰው ሃምሳ ከሚያዝ ሰው የበለጠ ይከፍላል። ብልህ ገዢ ይህን ቶሎ ያውቀዋል፤ ሃምሳ ያዝና ከጊዜ በኋላ ሦስቱን ካርቶን ለመመለስ ይሞክራል። ስለዚህ ዕቃ ሲመለስ ዋጋው በቀሪው መጠን እንደገና ይሰላ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ሁለቱ መንገዶች የተጋጩ ጊዜ ነው። አንድ ሱፐርማርኬት ብዛቱ ምንም ይሁን ምን ካርቶኑን በ1,130 ብር ለመግዛት ተዋውሏል እንበል። አንድ ቀን 60 ካርቶን ያዛል። ሲስተሙ የደንበኛውን ልዩ ዋጋ ካስቀደመ ሱፐርማርኬቱ 67,800 ብር ይጠየቃል፤ ውል የሌለው ተራ ገዢ ግን ያንኑ 60 ካርቶን በ64,800 ብር ይወስዳል። ልዩ ዋጋ የተባለው ደንበኛውን 3,000 ብር አስከፈለው ማለት ነው። «ሁልጊዜ ዝቅተኛው ዋጋ ይሥራ» ቢባል ይህ ይቀራል፤ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ በዓል ተመዝግቦ የማብቂያ ቀን ያልተሰጠው ቅናሽም አብሮ ይነሳል። የተሻለው ውል ያለውን ደንበኛ በውሉ ማስተናገድ፣ እርከን ከተፈቀደለትም በራሱ ዝርዝር ውስጥ መጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ዋጋም የመጀመሪያና የማብቂያ ቀን መስጠት ነው። ኢአርፒኔክስት በተባለው ሲስተም ለእያንዳንዱ የዋጋ ደንብ `Priority` በሚለው ቦታ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣል፤ ትልቁ ቁጥር ይቀድማል።

ሌላው ወጥመድ መስፈሪያው ነው። በኦዱ ሲስተም የእርከኑ ዝቅተኛ መጠን የሚነበበው ዕቃው በተመዘገበበት ዋና መለኪያ ነው። ሳሙናው በፍሬ ከተመዘገበና አንድ ካርቶን 24 ፍሬ ከያዘ፣ ሃምሳ ካርቶን ለማለት «50» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ ሃምሳ ፍሬ ማለቱ ነው። ሁለት ካርቶን 48 ፍሬ ስለሆነ አይደርስም፤ ሦስት ካርቶን ግን 72 ፍሬ ነውና የሃምሳ ካርቶኑን ቅናሽ ያገኛል። ገበያው ሲደራ ትርፉ ለምን እንደሳሳ ሻጩን ግራ የሚያጋባው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ብዙ ሲስተሞች እርከኑን የሚያዩት በየመስመሩ ስለሆነ፣ 30 እና 20 ካርቶን ተብሎ በሁለት መስመር የተጻፈ ትዕዛዝ ድምሩ ሃምሳ ቢሆንም የሃምሳውን ዋጋ አያገኝም።

ዝርዝሩ ለደንበኞች ከመከፈቱ በፊት በእርከኖቹ ድንበር ላይ የሙከራ ትዕዛዝ ማስገባት ነው። ቅናሹ ሁሉንም የሚነካ ከሆነ 19 ካርቶን 22,800፣ 20 ካርቶን 23,000፣ 49 ካርቶን 56,350፣ 50 ካርቶን 54,000 ብር መምጣት አለበት። ቀጥሎ ውል ባለው ደንበኛ ስም 60 ካርቶን፣ ከዚያም ውል በሌለው ገዢ ስም 3 ካርቶን ብቻ ይታዘዛል። ሦስቱ ካርቶኖች እያንዳንዳቸው በ1,080 ብር ከታሰቡ እርከኑ የተጻፈው በፍሬ ነው።