ከፎቶ ላይ ጽሑፍ ማንሳት፦ ሌየር ያለው ፋይልና ፍላት የተደረገ ምስል

የሠርግ ጥሪ፣ የምርቃት ፖስተር ወይም የሱቅ ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ከደንበኞቹ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አለ፦ «ይቺን ጽሑፍ ብቻ አጥፋልኝ»። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱን የሚወስነው ግን ደንበኛው ይዞት የመጣው ፋይል ነው። በአንዱ ፋይል ላይ ሥራው በአንድ አፍታ ያልቃል፤ ከጽሑፉ ሥር የነበረውም ፎቶ ምንም ሳይጎድለው ብቅ ይላል። በሌላው ላይ ግን ረጅም ሰዓት ተደክሞበትም የሚገኘው የቀድሞውን ፎቶ የሚመስል ሌላ ምስል ነው። ሁለቱ ፋይሎች ስክሪን ላይ ተከፍተው ሲታዩ አይለያዩም። የሚለያዩት ውስጣቸው በያዙት ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁመቱም ወርዱም 1080 ፒክስል የሆነ የሠርግ ጥሪ አለ እንበል። መነሻው ሙሽራዋ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ጠቆር ካለ ግራጫ ግድግዳ ፊት የቆመችበት ፎቶ ነው። ጥግ ላይ የአበባ ስቲከር ተለጥፏል፤ ከታች ደግሞ «ጥር 10» የሚል ነጭ ጽሑፍ አለ። የጽሑፉ ግማሽ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ የቀሚሱ ጥለት ላይ አርፏል። ሠርጉ ወደ ጥር 17 ተዛወረ፤ ቤተሰቡም አበባውን አልወደደውም። ስለዚህ ሁለቱም መነሳት አለባቸው።

ፕሮጀክት ፋይሉ የያዘው

ጥሪው የተሠራበት ፋይል በፎቶሾፕ ከሆነ `.psd`፣ በጊምፕ ከሆነ `.xcf` በሚል ቅጥያ ይቀመጣል። በዚህ ፋይል ውስጥ ፎቶው፣ አበባውና ጽሑፉ በየራሳቸው ሌየር ላይ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ፎቶ ላይ እንደተደራረቡ ብርሃን አሳላፊ ላስቲኮች ማለት ነው። ፎቶሾፕ ይህን አሠራር ያገኘው በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትሙ ነው። ጽሑፍን ከተቀመጠ በኋላ እንደገና ከፍቶ ፊደሉን ማረም የተቻለው ደግሞ በ1998 በ5.0 ዕትም ነው።

ዋናው ቁም ነገር ከአበባው ሥር ያለው የግድግዳ ክፍል ምንም እንኳ ባይታይ በፋይሉ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተመዝግቦ መቀመጡ ነው። ፕሮግራሙ የምናየውን ምስል የሚያዘጋጀው ሌየሮቹን ከታች ወደ ላይ እየደመረ ነው። አንዱን ሌየር ስናጠፋ ያ ሌየር ከድምሩ ይቀራል እንጂ ሌላው አይነካም። ስለዚህ የሚታየው ግድግዳ ግምት ሳይሆን መጀመሪያ የተነሣው ግድግዳ ራሱ ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። `Layers` በሚለው ዝርዝር ውስጥ አበባው ያለበትን ሌየር ይፈልጉና ከጎኑ ያለችውን የዓይን ምልክት ይጫኑ። አበባው ከተሰወረ ትክክለኛውን ሌየር አግኝተዋል ማለት ነው፤ ከዚያ ሌየሩን መርጠው `Delete` ይጫኑ። ቀኑን ለማስተካከል ግን ማጥፋትም አያስፈልግም። የጽሑፉ ሌየር `T` የሚል ምልክት አለው፤ እሱን ሁለቴ ጠቅ አድርገው «10»ን በ«17» ይተካሉ። የፊደሉ ዓይነት፣ መጠኑና ቀለሙ እንደነበረ ይቆያል።

እዚህም ቢሆን የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ። አንዳንድ ሠሪ የአበባውን ጥላ በሌላ ሌየር ላይ ለብቻው ይሥለዋል፤ አበባው ሲጠፋ ጥላው ግድግዳው ላይ እንደ ቆሻሻ ይቀራል። ያን ጊዜ ጥላ ያለበትን ሌየር ፈልጎ ማጥፋት ነው። ሌላው ጽሑፉ `Rasterize` ተደርጎ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፉን ከፊደልነት ወደ ሥዕልነት የቀየረ ትእዛዝ ስለሆነ ቀኑን ማረም አይቻልም፤ ነገር ግን ጽሑፉ አሁንም በራሱ ሌየር ላይ ስላለ ያለ ጉዳት ይጠፋል። ከሁሉ የሚከፋው ሠሪው ጽሑፉን ከፎቶው ጋር በ`Merge Down` አንድ አድርጎ ፋይሉን ያስቀመጠ እንደሆነ ነው። ያኔ ፋይሉ ስሙ `.psd` ቢሆንም በዚያ ቦታ ላይ ከተራ ፎቶ አይሻልም።

ፍላት ሲደረግ የሚጠፋው

ጥሪው በቴሌግራም ለእንግዶች የሚላከው በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ ነው። ሁለቱም ሌየር አይዙም፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል የሚመዘግቡት አንድ ቀለም ብቻ ነው። ፒኤንጂ ጀርባው ገላጣ የሆነ ምስል ስለሚይዝ ሌየር ያለው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ከተደመረ በኋላ የተቀመጠ ነው።

ድምሩን በቁጥር እንየው። የፒክስል ድምቀት ከ0 እስከ 255 ይለካል፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። ግድግዳችን 100 ነው እንበል፤ ጽሑፉ ደግሞ 255። ጽሑፉ ምንም የማያሳልፍ ከሆነ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው 255 ነው። ግድግዳው 100 ይሁን 40 ወይም 200፣ ውጤቱ ያው 255 ነው። ከ255 ተነሥቶ ከሥሩ የነበረውን ቁጥር የሚያገኝ ስሌት የለም፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የተደበቀ ሳይሆን ጨርሶ ያልተጻፈ ነው።

ጽሑፉ በከፊል የሚያሳልፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ድፍንነቱ 60 በመቶ ቢሆን ከጽሑፉ 153፣ ከግድግዳው 40 ተወስዶ 193 ይጻፋል። የጽሑፉን ቀለምና ድፍንነቱን የሚያውቅ ሰው ወደ ኋላ አስልቶ 100ን ያገኛል፤ 193 ሲቀነስ 153 ሲካፈል ለ0.4 ማለት ነው። ጄፔግ ግን ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ክፍሎች ከፋፍሎ የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ቁጥሮቹን በጥቂቱ ያዛባል። 193 የነበረው 196 ሆኖ ቢቀመጥ ስሌቱ 107.5 ይሰጣል፤ ይህ ለዓይን ብዙም አያስቸግርም። ድፍንነቱ 90 በመቶ በሆነ ጽሑፍ ላይ ግን ያችው የ3 ስሕተት 30 ሆና ትወጣለች፤ ግድግዳው ላይም የፊደሎቹ ቅርጽ ይታያል። ስለዚህ ስስ ጽሑፍ ከሥሩ ያለውን በከፊል ያስቀራል፤ ድፍን ጽሑፍ ምንም አያስቀርም።

ታዲያ ምን ይደረጋል?

ፍላት በተደረገው ጥሪ ላይ ማጥፊያውን ይዞ መፋቅ አያዋጣም። ፎቶሾፕ ውስጥ በተቆለፈው `Background` ላይ ማጥፊያው የሚያደርገው ነገር የተመረጠውን የጀርባ ቀለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ መቀባት ነው። ቁልፉ ቢፈታም የሚገኘው ቀዳዳ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። የሚቻለው ከአካባቢው ቀለም ወስዶ ቦታውን መሸፈን ነው።

መጀመሪያ የፎቶውን ቅጂ በአዲስ ሌየር ላይ ያውጡና ዋናውን አይንኩ። ከዚያ ፊደሎቹን ይምረጡና ምርጫውን በጥቂት ፒክስሎች ወደ ውጭ ያስፉ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ፊደሉን አጥፍተው ጠርዙን ይተዉታል። የፊደል ጠርዝ የነጩና የግራጫው ቅልቅል ነው፤ ጄፔግ ደግሞ በዙሪያው ደብዛዛ ሞገድ ይጨምርበታል። ምርጫው ካልሰፋ የ«ጥር 10» ጥላ እንደ መንፈስ ተንሳፍፎ ይቀራል። ምርጫው ከሰፋ በኋላ ፎቶሾፕ በ2010 ያገኘው `Content-Aware Fill` ቦታውን ከጎረቤቱ ይሞላዋል።

ግድግዳው ላይ ያረፈው ግማሽ በዚህ ያልቃል፤ ወጥ ስለሆነ ማንም አይለየውም። ጥለቱ ላይ ያረፈው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የጥለቱ መስመር ከግራና ከቀኝ መጥቶ መገናኘት አለበት። በ`Clone Stamp`፣ `Alt` ይዘው ጥለቱ ያልተነካበትን ቦታ ይምረጡና ንድፉ የሚደገምበትን ርቀት ጠብቀው ይቅዱ። ጽሑፉ የሙሽራዋ ፊት ላይ ቢሆን ኖሮ ግን የተሸፈነውን ዓይን ከጉንጭ ላይ መቅዳት አይቻልም፤ ሌላ ፎቶ ማምጣት ብቻ ነው መፍትሔው።

ሥራው መበላሸቱን ለማወቅ ምስሉን በ100 በመቶ መጠን ይመልከቱት። አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ሁለት ቦታ ተደግሞ ከታየ፣ የተሞላው ቦታ ከአካባቢው ይልቅ ለስልሶ ከታየ፣ ወይም የጥለቱ መስመር ከተሰበረ ሥራው አላለቀም።

የያዙት ፋይል የትኛው ነው?

ቅጥያውን ብቻ አይመኑ፤ ጄፔግ ከፍቶ በ`.psd` ስም ያስቀመጠ ሰው ሌየር አልፈጠረም። ፋይሉን ከፍተው `Layers`ን ይቁጠሩ። `Background` የሚል አንድ ሌየር ብቻ ከሆነ የያዙት ፍላት የተደረገ ነው። በአይፎን የፎቶ መተግበሪያ ላይ ጽሑፍ የጻፉበት ፎቶ ግን ሌላ ነው፤ ስልኩ ዋናውን ፎቶ ስለሚያስቀምጥ `Revert` ይመልሰዋል። ለሰው የተላከው ቅጂ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። በመታወቂያ ቁጥርዎ ላይ ጥቁር ስቲከር ለጥፈው ፕሮጀክት ፋይሉን ከላኩ፣ ተቀባዩ ስቲከሩን አጥፍቶ ቁጥሩን ያነባል። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ባስገቡት ፒዲኤፍ ላይ የደረሰው ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ጥቁር የተቀባው ክፍል ከሥሩ ጽሑፉ ስለነበረ አንባቢዎች ኮፒ አድርገው አነበቡት። ምስጢር ሲሸፍኑ ድፍን ቀለም ይጠቀሙ፤ ከዚያ ፍላት አድርገው ይላኩ። በሚያሳልፍ ቀለም የተሸፈነ ቁጥር ፍላት ቢደረግም ሊወጣ እንደሚችል ከላይ አይተናል።

ወደ መነሻችን ስንመለስ፣ ጥሪ ወይም ፖስተር ስታሠሩ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ከጄፔጉ ጋር ፕሮጀክት ፋይሉንም ጠይቁ፤ ሌየሮቹ አለመዋሐዳቸውንም ከፍታችሁ አረጋግጡ። የምትሠሩም ብትሆኑ `.psd`ውን እንዳለ አስቀምጡና ፍላት የሚደረገው ለመላክ የሚወጣው ቅጂ ብቻ ይሁን። ቀኑ ሲቀየር የሚያስፈልገው `.psd`ው ነው።