24 ነጠላ ለ62 ተመዝጋቢ

በቴሌግራም ነጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት እናስብ። ነጠላው በሽሮ ሜዳ ሸማኔ በእጅ የሚሠራ፣ ጥለቱ የተወደደለት ነው። ባለፈው የመጣው ወዲያው አልቆ 62 ሰው «ሲገባ ንገሪኝ» ብሎ ተመዝግቧል። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሸማኔው 24 አደረሰላት። ከፎቶው ሥር ምን ትጻፍ?

የተለመደው «ገብቷል! ሳያልቅባችሁ ፍጠኑ!» ነው። ሰው የሚያስቀይመውም ይኸው ነው። የተመዘገበው ተራ ይዣለሁ ብሎ ነው ሲጠብቅ የከረመው፤ ማስታወቂያው ግን ገጹን ዛሬ ድንገት ካየው ሰው ጋር እኩል ያሯሩጠዋል። ሥራ ውሎ ስልኩን ማታ የከፈተ «አልቋል» ይባላል። ታዲያ ምን ሊሆን ተመዘገበ?

ስለዚህ መጀመሪያ ባለተራዎቹ በውስጥ መስመር ይነገራቸው። በገጹ ላይ የሚወጣው ደግሞ እንዲህ ቢሆን፦

«ነሐሴ 20። ነጠላው ገብቷል። የመጣው 24 ነው፤ የተመዘገባችሁት 62 ናችሁ። ከ1ኛ እስከ 24ኛ ላላችሁት በውስጥ መስመር ጽፈናል። እስከ ነገ ማታ 12 ሰዓት ካልመለሳችሁ ተራው ለቀጣዩ ያልፋል። ከ40ኛ በኋላ ላላችሁት ለበዓሉ አይደርስም፤ ይቅርታ። ሌላ ቦታ ካገኛችሁ እኛን አትጠብቁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ሻጭን ያማል፤ ገዢ መሸኘት ይመስላላ። ግን 50ኛዋ ተመዝጋቢ ነጠላውን የምትፈልገው ለበዓሉ ነው። ዛሬ ቁርጧን ካወቀች ሌላ ትፈልጋለች፤ በዋዜማው ካወቀች ግን ዳግም ወደዚያ ገጽ አትመለስም። የ28ኛው ነገር ሌላ ነው። ከተመዘገበ ሰው ሁሉም አይገዛም፤ ከ24ቱ ሰባቱ ዝም ቢሉ ተራው እስከ 31ኛ ይደርሳል። ለሁሉም በአንድነት «ተስፋ አትቁረጡ» ማለት ለ28ኛው እውነት፣ ለ50ኛዋ ውሸት ነው።

«በቅርቡ ይገባል» የምትለዋም ትቅር። የሸማኔ እጅ የበዓል ገበያን ያህል አይፈጥንም፤ ቢቻኮል ሽመናው ይሳሳል። ቀን መቁረጥ የሚገባው ጨርቁ ከሸማኔው ተነሥቶ እጅ ሲገባ ነው፤ ቀብድም ከዚያ በፊት ባይወሰድ ይሻላል። ሃያ ነጠላ መደርደሪያ ላይ እያለ «ሁለት ብቻ ቀረ» ማለት ደግሞ ማታለል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሲያልቅ «አልቋል» ብሎ ጽሑፉን ማረም ያስፈልጋል። ይሁንና በቴሌግራም ዋናውን ስታርሙት ሰዎች ቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያስተላለፉት ቅጂ አይታረምም፤ «ገብቷል» እያለ ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል። ቀኑን ከጽሑፉ አናት ላይ ጻፉት።