«ማን ፈጠረኝ?»፦ የዘርዓ ያዕቆብን ሙግት ፈትቶ መመርመር

የፍልስፍና ተማሪ ከሚሰጡት አሳይመንቶች አንዱ ሲያዩት በጣም ቀላል ይመስላል። አንድ አንቀጽ ይሰጠዋል፤ በውስጡ ያለውን ሙግት ወደ መነሻዎችና መደምደሚያ ፈትቶ ይጽፋል፤ ከዚያም መደምደሚያው ከመነሻዎቹ በእርግጥ ይወጣ እንደሆነ ይመረምራል። የተሰጠው አንቀጽ ከ«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተወሰደ ነው እንበል።

የግዕዙን ሐተታ ማን ጻፈው የሚለው ጥያቄ ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚስዮናዊ ነው ካለ ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። ለዚህ አሳይመንት ግን ጥያቄው ለውጥ አያመጣም። ሙግት የሚመዘነው በተናገረው ሰው ሳይሆን በውስጡ ባለው ነገር ነው።

በዋሻ ተሸሽጎ የነበረው ዘርዓ ያዕቆብ «ማን ፈጠረኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ራሱን አልፈጠረም፤ ከመፈጠሩ በፊት አልነበረምና። አባትና እናቱ ናቸው ቢል የእነሱም ወላጆች ይከተላሉ፤ እንዲህ እየተባለ እንደ እኛ ሳይወለዱ ወደ ዓለም ከመጡት ከመጀመሪያዎቹ ይደረሳል። እነሱን ያስገኘ ደግሞ ራሱ ያልተፈጠረ መሆን አለበት።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ዓረፍተ ነገሮቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ቁጥር እየሰጠ ሲገለብጥ ነው። የሚሻለው መደምደሚያውን አስቀድሞ መፈለግ ነው። ጸሐፊው በመጨረሻ እንድንቀበለው የሚፈልገው ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖሩን ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ «ለምን?» እያሉ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፦

1. እኔ መኖር የጀመርሁበት ጊዜ አለ።
2. መኖር የጀመረ ሁሉ ወይ ራሱን ፈጥሯል ወይ ሌላ ፈጥሮታል።
3. ራሱን የሚፈጥር የለም።

መደምደሚያ፦ ስለዚህ ያልተፈጠረ ፈጣሪ አለ።

ቀጥሎ ፈተናው ይመጣል። መምህራኑ «ቫሊድ» የሚሉት፣ መነሻዎቹ ሁሉ እውነት ሆነው መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን የማይችልበትን ሙግት ነው። መነሻዎቹ በእርግጥ እውነት ናቸው ወይ የሚለው እዚህ ገና አልተነሳም። ስለዚህ ተማሪው አንድ ነገር ይሞክራል፤ መነሻዎቹን የሚያሟላ፣ መደምደሚያውን ግን የሚያፈርስ ዓለም በሐሳቡ ይሠራል።

እዚህ ሥራው አይከብድም። ልጅ ከወላጅ፣ ወላጅ ከአያት፣ አያት ከቅድመ አያት እየተባለ ወደ ኋላ ማለቂያ የሌለው ሐረግ ያስብ። በዚያ ዓለም እያንዳንዱ ሰው መኖር ጀምሯል፤ እያንዳንዱንም ሌላ አስገኝቶታል፤ ራሱን የፈጠረ የለም። ሦስቱም መነሻዎች እውነት ናቸው። ያልተፈጠረ ግን አንድም የለም። እንግዲህ ሙግቱ በዚህ መልኩ ከተጻፈ ቫሊድ አይደለም።

ይሁንና ጸሐፊውን ወዲያው ጥለሃል ማለት አይገባም። ሳይወለዱ የመጡ የመጀመሪያዎች እንዳሉ ሲናገር፣ ሐረጉ መጀመሪያ እንዳለው አስቦ ነው። ያሰበውን በግልጽ መጻፍ የአሳይመንቱ ግማሽ ሥራ ነው፦

4. የፈጣሪዎች ሐረግ ወደ ኋላ ያለ ማለቂያ አይሄድም፤ መጀመሪያ አለው።

አሁን ማምለጫው ይዘጋል። ሐረጉ መጀመሪያ ካለው፣ መጀመሪያው ላይ ያለው ራሱ መኖር የጀመረ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ኖሮ ከእሱ በፊት ሌላ ፈጣሪ ይኖር ነበር። ሙግቱ ቫሊድ ሆነ።

አንድ ወጥመድ ግን ይቀራል። ተማሪው መደምደሚያውን «ሁሉን የፈጠረ አንድ ፈጣሪ አለ» ብሎ ቢጽፈው ሙግቱ እንደገና ይፈርሳል። «እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ ስለዚህ የሁሉም ሰው እናት የሆነች አንዲት ሴት አለች» የሚል ሰው ቢገጥመን ስሕተቱን ወዲያው እናያለን። የፈጣሪውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ሐረግ መጀመሪያና የሌላው ሐረግ መጀመሪያ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ከአራቱ መነሻዎች የሚወጣው ቢያንስ አንድ ያልተፈጠረ መኖሩ ብቻ ነው። አንድ ብቻ ነው ለማለት ሌላ መነሻ ያስፈልጋል።

ቫሊድ የሆነ ሙግት ሁሉ እውነትን ያረጋግጣል ማለትም አይደለም። መነሻዎቹም እውነት ሲሆኑ ነው «ሳውንድ» የሚባለው፤ እዚህ ሸክሙ ሁሉ በ4ኛው ላይ ያርፋል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቶማስ አኵዊናስ በእግዚአብሔር አጥብቆ የሚያምን መነኩሴ ነበር። ሆኖም ሰው ከሰው እየተወለደ ወደ ኋላ ያለ ማለቂያ መሄዱ በአመክንዮ ብቻ የማይቻል ነው ብሎ አልተቀበለም። ዓለም መጀመሪያ እንዳለው ያመነው በሃይማኖት ነው። ሐተታውም ስለ 4ኛው መነሻ የተለየ ማስረጃ አያቀርብም፤ ይዞት ያልፋል።

ተማሪው ወረቀቱን ሲያስረክብ እንግዲህ «ተሳስቷል» ወይም «ልክ ነው» ብሎ አይጽፍም። «ከ4ኛው ጋር ቫሊድ ነው፤ ያለ 4ኛው አይደለም» ብሎ ይጽፍና፣ በሚቀጥለው መስመር ሐረግ መጀመሪያ ሊኖረው የሚገባው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራል።