በስምምነት የሚደረግ ፍቺና በክርክር የሚወሰን ፍቺ፦ ሁለቱ መንገዶች በየደረጃቸው



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ባልና ሚስት «ተስማምተን ተፋታን» ሲሉ በሕግ ዐይን የተስማሙት በምን ላይ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም በስምምነት የሚደረገውን ፍቺ በክርክር ከሚወሰነው የሚለየው መስመር ያረፈው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ መልሱን የሳተ ሰው በየትኛው መንገድ ላይ እንደቆመ ሳያውቅ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

በአዲስ አበባ የሚጸናው ሕግ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፣ ለምሳሌ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን ሕግ አውጥቷል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የፌዴራሉን ሕግ የሚመለከት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን በዋናነት ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይሰጥ ነበር፤ በስምምነት ብቻ መፋታትንም አይፈቅድም ነበር። የ1992ቱ ሕግ ሁለቱንም ለወጠ። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ሆነ፤ የባልና ሚስቱ ስምምነትም ራሱን የቻለ የፍቺ መንገድ ሆኖ ታወቀ።

የሕጉ አንቀጽ 76 ሁለት በሮች ይከፍታል። የመጀመሪያው ባልና ሚስቱ ለመፋታት ተስማምተው ፍርድ ቤቱ ስምምነታቸውን ሲቀበለው ነው። ሁለተኛው ከሁለቱ አንዱ፣ ወይም ሁለቱም በአንድነት፣ ፍርድ ቤቱ ፍቺን እንዲወስን ሲጠይቁ ነው። «ወይም ሁለቱም በአንድነት» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉልኝ። ሁለቱም መፋታትን እየፈለጉ በሁለተኛው በር የሚገቡበት ሁኔታ አለ ማለት ነው። ምክንያቱ በአንቀጽ 77 ላይ ይገኛል። በስምምነት ለሚደረግ ፍቺ ለፍርድ ቤቱ የሚቀርበው «እንፋታ» የሚል ቃል ብቻ ሳይሆን፣ የፍቺው ውጤት ጭምር የሰፈረበት ጽሑፍ ነው። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቀለቡ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቤቱ የማን እንደሚሆን ካልተስማሙ፣ በመለያየቱ ላይ ምንም ያህል ቢስማሙ የመጀመሪያው በር አልተከፈተላቸውም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምናባዊ ምሳሌ ልውሰድ። ባልና ሚስቱ በኦሎምፒያ አካባቢ ይኖራሉ። በጋብቻቸው ዘመን በባል ስም የተመዘገበ፣ ዛሬ 9 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኖሪያ ቤት ገዝተዋል፤ 2 ሚሊዮን ብር የሚገመት መኪናም አላቸው። ቤቱ ሲገዛ ሚስቲቱ ከአባቷ የወረሰችውን 1 ሚሊዮን ብር ጨምራበታለች። የ11 እና የ6 ዓመት ልጆች አሏቸው።

እነዚህ ሰዎች በስምምነት ለመፋታት ቢፈልጉ መጀመሪያ የሚታየው የጋብቻው ዕድሜ ነው፤ ጋብቻ በተፈጸመ በስድስት ወር ውስጥ በስምምነት መፋታት አይቻልም። ይህን ካለፉ የፍቺውን ምክንያት የመግለጽ ግዴታ የለባቸውም። ቀጥሎ ስምምነታቸውን በጽሑፍ ያዘጋጃሉ። ከባዱ ሥራ ይህ ነው። «ንብረታችንን ተካፍለናል፣ አንዳችን ከሌላችን የምንፈልገው የለም» የሚል ሰነድ ስምምነት ቢመስልም ለአፈጻጸም የሚሆን ነገር አልያዘም። ቤቱ በካርታ ቁጥሩ፣ መኪናው በሰሌዳው፣ ቀለቡ በብር መጠንና በመክፈያ ቀኑ፣ ልጆቹ ወላጃቸውን የሚያዩበት ጊዜ በቀንና በሰዓት መጻፍ አለበት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም በፊርማቸው ያጸኑት ማመልከቻ ከነስምምነቱና ከጋብቻ ማስረጃው ጋር ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ይቀርባል፤ መዝገብ ይከፈታል፤ ቀጠሮ ይሰጣል። በቀጠሮው ቀን ዳኛው ባልና ሚስቱን በአንድነት ወይም ለየብቻ ያነጋግራሉ። ይህ ውይይት ሁለት ዓላማ አለው፤ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ማግባባት፣ እንዲሁም ስምምነቱ በእርግጥ የሁለቱም ነጻ ፈቃድ መሆኑን ማረጋገጥ። ለየብቻ ማነጋገሩ ጠቃሚ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በባሏ ፊት «አዎ» የምትል ሴት ብቻዋን ስትጠየቅ ሌላ መልስ ልትሰጥ ትችላለች። ፍርድ ቤቱ ካስፈለገው ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። በመጨረሻም በአንቀጽ 80 መሠረት ስምምነቱ እውነተኛና ነጻ ፈቃዳቸውን የሚገልጽ፣ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን ሆኖ ሲያገኘው ያጸድቀዋል።

ዳኛው ግን ማኅተም መቺ ብቻ አይደሉም። ባልየው ቤቱን ለሚስቲቱ ትቶ፣ እሷም በምላሹ ለልጆቹ ምንም ቀለብ ላትጠይቅ ተስማሙ እንበል። ለሁለቱ ፍትሐዊ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቀለቡ የልጆቹ መብት እንጂ እናት የምትሸጠው ዕቃ አይደለም። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት ወይም ከተጋቢዎቹ የአንዱን ጥቅም በበቂ ሁኔታ የማያስጠብቅ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የውጤቱን ጉድለት በራሱ ውሳኔ ሊያርም ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው በር እንለፍ። በምሳሌያችን ባልየው ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ እኩል ይካፈል ይላል፤ ሚስቲቱ ቤቱን ለልጆቹ ስትል ማስቀረት ትፈልጋለች። ስላልተስማሙ እሷ የፍቺ ጥያቄ ታቀርባለች። መጥሪያ ለባልየው ይደርሳል፤ እሱም መልሱን በጽሑፍ ያቀርባል። ጥያቄው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት አለበት፤ ይኸውም ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ነው። ቤቱ በባል ስም የተመዘገበ በመሆኑ እንዳይሸጥ የእግድ ትእዛዝ በጊዜ መጠየቅ ብልህነት ነው። ዘግይቶ የሚጠየቅ እግድ ቤቱ ሦስተኛ ወገን እጅ ከገባ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

ቀጥሎ እርቅ ይሞከራል። ዳኛው በቅድሚያ ራሳቸው ያነጋግሯቸዋል። ካልተሳካ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲታረቁ ሊመሯቸው ይችላሉ፤ ሽማግሌዎቹም ውጤቱን ፍርድ ቤቱ በወሰነላቸው ጊዜ ውስጥ ያሳውቃሉ። እዚህም ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። የዛሬ ሽማግሌዎች የሚያስታርቁ እንጂ እንደ ድሮዎቹ የሚያፋቱ አይደሉም። «ሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ተለያየን» የሚሉ ሰዎች በእጃቸው ያለው ወረቀት በፍርድ ቤት እስካልጸደቀ ድረስ የፍቺ ውሳኔ አይደለም።

ተለያይቶ ብዙ ዓመት መኖርስ? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938፣ ተጋቢዎቹ ለረጅም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ በመሠረቱበት ጉዳይ ጋብቻው በተግባር ፈርሷል የሚል አቋም ወስዷል። ይህ አቋም ከሕጉ ቃል ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ምሁራንን ሲያከራክር ቆይቷል። በእኔ አመለካከት ከዚህ የሚቀሰመው ትምህርት ተግባራዊ ነው፤ ጋብቻው መቼ እንደፈረሰ በኋላ በማስረጃ የሚያከራክር ሲሆን፣ በመካከል የተፈራው ንብረት ሁሉ አብሮ ወደ ክርክሩ ይገባል።

እርቁ ካልተሳካ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ይወስናል። «ክርክር ያለበት ፍቺ» የሚለው ስያሜ እዚህ ላይ ሊያሳስት ይችላል። ባልየው «አልፈታም» ስላለ ብቻ ፍቺው አይቀርም፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነም ለፍቺው ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥፋት የሚታየው፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ለተጎዳው ወገን ካሳ በሚፈቅደው በአንቀጽ 84 ነው። እውነተኛው ክርክር ያለው በውጤቱ ላይ ነው።

ምሳሌያችንን በቁጥር እንጨርሰው። በአንቀጽ 63 መሠረት ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ቤቱ በባል ስም መሆኑ ሚስቲቱን አይጎዳትም፤ ሆኖም ያው ግምት በወረሰችው 1 ሚሊዮን ብር ላይ ይዞርባታል። ገንዘቡ የግሏ እንደነበረና ለቤቱ ግዢ እንደዋለ በወራሽነት ማስረጃና በባንክ ሰነድ ካላስረዳች፣ የሚካፈለው ጠቅላላ ሀብት 11 ሚሊዮን፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 5.5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ቤቱን ለማስቀረት ከፈለገች መኪናው ለባል ሆኖ 3.5 ሚሊዮን ብር ትጨምርለታለች። ካስረዳች ግን 1 ሚሊዮኑን አስቀድማ ታነሣለች፤ የቀረው 10 ሚሊዮን ለሁለት ሲከፈል የእያንዳንዳቸው ድርሻ 5 ሚሊዮን ስለሚሆን፣ ለባልየው የምትከፍለው 3 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ልዩነቱ 500,000 ብር ሲሆን፣ የሚወሰነውም በአንድ የባንክ ሰነድ መኖር ወይም አለመኖር ነው። ልዩነቱን የምትከፍልበት ገንዘብ ካላገኘችና በሌላ መንገድ ካልተስማሙ፣ ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈላል፤ ልጆቹም ከሚያውቁት ቤት ይወጣሉ።

በስምምነቱ መንገድ ግን እነዚሁ ሰዎች ፍርድ ቤት በራሱ አነሣሽነት የማያዘጋጅላቸውን መፍትሔ መጻፍ ይችላሉ። ባልየው የውርሱን ገንዘብ ያለ ክርክር ሊያምንላት፣ 3 ሚሊዮኑንም በአራት ዓመት እየከፋፈለች እንድትከፍለው ሊስማማ ይችላል። የስምምነት መንገድ ዋና ብልጫ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱ ወገን ሌላውን የሚፈራ ከሆነ፣ ወይም ባል የሀብቱን ልክ ከሚስት የሚሰውር ከሆነ ግን፣ ጊዜያዊ ትእዛዝና የማስረጃ መስማት ሥርዓት ያለው ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል።

ሁለቱ መንገዶች ፈጽሞ የተለያዩም አይደሉም። በክርክር በተከፈተ መዝገብ እንኳ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ከወሰነ በኋላ በቅድሚያ የሚጠይቀው ባልና ሚስቱ በውጤቱ ላይ እንዲስማሙ ነው፤ በራሱ ወይም በባለሙያዎች አማካይነት የሚወስነው ካልተስማሙ ብቻ ነው። በየትኛውም መንገድ ውሳኔው ከተገኘ በኋላ የጸደቀውን ግልባጭ ማውጣት፣ ፍቺውን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብና የቤቱን ስም ማዛወር ይቀራል። ይህ የመጨረሻ ደረጃ ሳይፈጸም ቤቱ በቀድሞው ባል ስም እንደተመዘገበ ይቆያል፤ በምሳሌያችን ያለችው ሴት ክፍያዋን ጨርሳ እንኳ ቤቱን በራሷ ስም ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ አትችልም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።